«ደግመን እናውጣ?»

ቱቶሪያል ማስተማር ለምትጀምሩ ልጆች፣

ደሴ ላይ ስታቲስቲክስ ሳስተምር ፀጉሬ ሸብቷል። ስለ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ልንገራችሁ።

ተማሪዎች ኮንፊደንስ ኢንተርቫልን፣ ማለትም ከናሙና ተነስተን እውነተኛውን ቁጥር የምንገምትበትን ክልል፣ እርስ በርስ ያስረዱ ብላችሁ ዝም ብላችሁ ከለቀቃችኋቸው፣ አንዱ ስህተቱን ለሌላው ያወርሳል። ስህተቱም ሁሌ ያው ነው፦ «እውነተኛው ቁጥር እዚህ መሀል የመሆን ዕድሉ 95 በመቶ ነው።» ስለዚህ መጀመሪያ እጃቸው ላይ የሚጨበጥ ነገር ስጧቸው።

እኔ ከሰኞ ገበያ ቦሎቄ እገዛለሁ። 400 ቀይ፣ 600 ነጭ ቆጥሬ አንድ ከረጢት ውስጥ አደባልቃለሁ። ቁጥሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ፍሬው እኩል መጠን ይሁን። አንድ ጊዜ ባቄላና ሽምብራ ቀላቅዬ ጉድ ሆኛለሁ፤ እጅ ትልቁን እየመረጠ የሁሉም ግምት ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። በዕድል የሚስት ግን ወዲህም ወዲያም ይስታል።

ሁለት ሁለት ሆነው 50 ፍሬ ሳያዩ ያወጣሉ፣ ቆጥረው ይመልሳሉ። 22 ቀይ ያገኙት 0.44 ብለው ይጀምራሉ። ስታንዳርድ ኤረሩ 0.07 ገደማ ነው፤ በ1.96 አባዝተው ከ0.44 ላይ ሲቀንሱና ሲደምሩ ኢንተርቫሉ ከ0.30 እስከ 0.58 ይሆናል። ኢንተርቫሉን እንደ አግድም መስመር ሰሌዳው ላይ ይሥላሉ። 20 ጥንድ ካለ 20 መስመር ማለት ነው። ከዚያ እውነተኛው ቁጥር 0.40 ላይ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ያለ መስመር አሰምራለሁ።

አንድ ጊዜ ሁለት ልጆች 12 ቀይ ብቻ አወጡ። የእነሱ መስመር ከ0.12 እስከ 0.36 ነው፤ 0.40ን አልነካም። አንደኛው አፍሮ «ደግመን እናውጣ?» አለኝ። አብሽር አልኩት፤ ስሌታችሁ አንድም አልተሳሳተም። ማስረዳቱ የሚጀመረው እዚህ ጋ ነው። እነዚህ ሁለቱ ወደ ሌላ ወንበር ሄደው፣ ሳይሳሳቱ ለምን እንደሳቱ ያስረዱ። አድማጩ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ብትደግሙት ምኑ ይቀየራል? ምኑስ አይቀየርም? መስመሩ ይንቀሳቀሳል፣ 0.40 ባለበት ይቆማል። 95 በመቶው የአሠራሩ ነው እንጂ የዚያች አንዲት መስመር አይደለም፤ እሷማ ወይ ነክታለች ወይ ስታለች።

ቀልጣፋው ሲያወራ ሌላው ራሱን እየነቀነቀ ያመልጣችኋል። እኔ አውሪውን አልጠይቅም፤ አድማጩን አስነስቼ ለቀጣዩ ጥንድ እንዲያስረዳ አደርጋለሁ። ያልገባው ወዲያው «ዕድሉ 95 በመቶ ነው» ይላል። ያኔ የሳተችውን መስመር አሳይቼ «የዚችስ ዕድል ስንት ነው?» እለዋለሁ። ዝምታውን አትቸኩሉበት።

አንዳንዴ ደግሞ ከ20ው አንድም አይስትም። ከሦስት ክፍል በአንዱ ገደማ እንዲህ ያጋጥማል፤ ስለዚህ «አንዱ የግድ ይስታል» ብላችሁ ቀድማችሁ ቃል አትግቡ። ካልሳተ እያንዳንዱ ጥንድ ሌላ 50 ያውጣና መስመሩን 40 አድርሱት።