54ን ለ20 ማካፈል ለምን አልሠራም?

«ለአንድ የስብሰባ አዘጋጅ ድርጅት የመጓጓዣ አስተባባሪ ለመሆን ተፈተንኩ። የ54 ተመዝጋቢ እንግዶችን ዝርዝር ከበረራ ሰዓታቸው ጋር ሰጡኝ። 20 ወንበር ባላቸው ሁለት ባሶች ከኤርፖርት ወደ ሆቴል የሚያመላልስ ፕሮግራም አውጪ አሉኝ። 54ን ለ20 አካፍዬ ‹ሦስት ጉዞ፣ በየሰዓቱ አንድ› ብዬ ጻፍኩ። ፈታኙ ‹እንግዳው በር ላይ የሚቆመው መቼ ነው?› አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ድጋሚ ዕድል ሰጥተውኛል። ዝርዝሩን ልኬልዎታለሁ። ምን ላስተካክል?»

እህቴ፣ ፈታኙ የጠየቀሽ ሥራው የሚጀመርበትን ነገር ነው። ዝርዝሩ ላይ ያለው ሰዓት አውሮፕላኑ የሚያርፍበት ነው። እንግዳው ግን ካረፈ በኋላ ይወርዳል፣ ፓስፖርት ያሳያል፣ ሻንጣ ይጠብቃል። ለልምምድ 50 ደቂቃ እንያዝለት። ሥራው ላይ ስትገቢ ግን ይህን ቁጥር ከግምት አትውሰጂው። አንድ ቀን ቀድመሽ መውጫው በር ላይ ቆመሽ ለኪው። የአገር ውስጥ በረራ ከሆነ በጣም ያጥራል።

የላክሽው ዝርዝር በዚህ ሲሰላ እንዲህ ይሆናል። ጠዋት 2፡10 የሚያርፉት 9 ሰዎች በር ላይ የሚደርሱት 3፡00 ነው። የ2፡40ዎቹ 12 ሰዎች 3፡30 ይወጣሉ፣ የ3፡30ዎቹ 6 ደግሞ 4፡20። በ4፡05 የሚያርፉት 20 ሰዎች 4፡55 ላይ ይወጣሉ። የመጨረሻዎቹ 7 በ5፡20 አርፈው 6፡10 ይደርሳሉ። የማረፊያ ሰዓቱ በኤክሴል B ዓምድ ላይ ካለ፣ ዝግጁ የሚሆኑበትን ሰዓት C ላይ አውጪ፤ ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ ስንት ሰው እንደሚወጣ ቁጠሪ። የግማሽ ሰዓቱ መነሻ F ላይ ይሁን።

```
=B2+TIME(0,50,0)
=COUNTIFS(C:C,">="&F2,C:C,"<"&F2+TIME(0,30,0))
```

ሁለተኛው ስህተትሽ 20 ወንበር ማለት 20 ሰው ነው ብለሽ መውሰድሽ ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው ትልቅ ሻንጣ ይዟል። ለሻንጣ የተለየ ቦታ በሌለው ባስ ወንበሩም የሻንጣ ማስቀመጫ ይሆናል። ስለዚህ አንዱን ባስ በ15 ሰው አስቢው።

ቀጥሎ የባሱን ዙር አስዪ። መንገዱ 30 ደቂቃ ነው እንበል። ለመሄድ 30፣ ለማውረድ 10፣ ለመመለስ 30፣ እንደገና ለመጫን 10። አንድ ባስ ከወጣ በኋላ ዳግም መነሳት የሚችለው ከ80 ደቂቃ በኋላ ነው ማለት ነው። ለመጫን ያለውን 10 ደቂቃ ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ከዚያ ፕሮግራሙ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ይዛነፋል።

አሁን እንሞክረው። ማንም ከ30 ደቂቃ በላይ እንዳይጠብቅ እንፈልጋለን። አንደኛው ባስ 9ኙን ይዞ 3፡10 ይነሳል፣ ሁለተኛው 12ቱን ይዞ 3፡40። አንደኛው ተመልሶ 6ቱን በ4፡30 ይወስዳል። እስከዚህ ጥሩ ነው። 4፡55 ላይ ግን 20 ሰው በአንዴ ይወጣል፣ ያለው ባስ አንድ ብቻ ነው። እሱ 5፡00 ላይ 15 ይዞ ይሄዳል። የቀሩት አምስቱ አንደኛው ባስ 5፡50 እስኪነሳ 55 ደቂቃ ይቆማሉ። ስድስቱን አቆይተን ከ20ዎቹ ጋር ብንጭናቸውስ? እነሱ ደግሞ 40 ደቂቃ ይጠብቃሉ።

እኔ ብሆን ስድስቱን በ4፡30 የሚወስድ አንድ ሚኒባስ እጠይቃለሁ። ያኔ ሁለቱም ባሶች 5፡00 ላይ በር ላይ ናቸው፣ 20ዎቹም ይበቃቸዋል። ባሶቹ 6፡20 ላይ እንደገና መነሳት ስለሚችሉ የመጨረሻዎቹ ሰባት የሚጠብቁት 10 ደቂቃ ብቻ ነው። ለፈታኙ ይህን ስታቀርቢ «ሚኒባስ ያስፈልጋል» ብለሽ አትቁሚ። የትኞቹ ሰዎች፣ በስንት ሰዓት፣ ያለ እሱ ስንት ደቂቃ እንደሚቆሙ አሳዪ። ገንዘብ የሚፈቅድ ሰው የሚያሳምነው ያ ነው።

«በረራ ቢዘገይስ?» ብሎ መጠየቁም አይቀርም። የ20ዎቹ በረራ 40 ደቂቃ ዘገየ እንበል፤ 5፡35 ይወጣሉ። ሁለቱም ባሶች እነሱን ይዘው 5፡40 ከሄዱ፣ 6፡10 የሚወጡት ሰባት ሰዎች እስከ 7፡00 ባስ አያገኙም። ስለዚህ አንዱን ባስ 15 ሰው ጭነሽ ላኪው፣ ሌላውን ለሰባቱ አቆዪው። አምስቱን 4፡30 የሄደው ሚኒባስ ተመልሶ 5፡50 ላይ ይወስዳቸዋል፤ የሚጠብቁት 15 ደቂቃ ነው። ለዚህ ነው ሚኒባሱን ከመጀመሪያው ለሁለት ጉዞ ማስያዝ ያለብሽ። የምዝገባ ፎርሙም የበረራ ቁጥር መጠየቅ አለበት። ሰዓት ብቻ ከተጠየቀ አንዳንዱ የሚነሳበትን ይጽፋል፤ መዘግየቱንም በምን ትከታተያለሽ?