የቦነስና የዓመት ዕረፍት አክሩዋል፦ ሪቨርስ የሚደረገው መቼ ነው?

ጥያቄው፦ «ሰኔ 30 ቀን 2017 ላይ ለቦነስ 400,000 ብር፣ ላልተወሰደ የዓመት ዕረፍት ደግሞ 180,000 ብር አክሩ አድርገን ዘጋን። ነሐሴ ላይ ቦነሱ 430,000 ሆኖ ተከፈለ። በፔይሮል ስላለፈ ሙሉው ወጪ ውስጥ ገባ። ዕዳው ግን እስካሁን ሌጀር ላይ ቁጭ ብሏል። ሁለቱንም አንድ ላይ ሪቨርስ እናድርግ?»

አይ፣ አንድ ላይ አታድርጉ። የቦነሱን አሁኑኑ አስተካክሉ፣ የዕረፍቱን ግን ለጊዜው አትንኩት። ሁለቱ ዕዳዎች ሰኔ 30 ላይ ይመሳሰላሉ እንጂ የሚወራረዱበት መንገድ ለየቅል ነው።

ከቦነሱ እንጀምር። ነሐሴ ላይ መሠራት የነበረበት እንዲህ ነው። ተከፋይ ቦነስ የሚለውን የዕዳ አካውንት በ400,000 ዴቢት፣ የቦነስ ወጪን በ30,000 ዴቢት ታደርጋላችሁ። ክሬዲቱ ለሁለት ይከፈላል። ከሠራተኛው የተቀነሰው ግብር 120,000 ነው ብንል እሱ ወደ ተከፋይ ግብር ይሄዳል፣ የቀረው 310,000 ከባንክ ይወጣል። እናንተ ግን ሙሉውን 430,000 ወጪ ላይ ስለጣላችሁት 400,000 ብር ሁለት ጊዜ ወጪ ሆኗል፣ አንዴ በ2017፣ አንዴ በ2018። ማስተካከያው አንዲት ጆርናል ናት፦ ተከፋይ ቦነስ ዴቢት 400,000፣ የቦነስ ወጪ ክሬዲት 400,000። የባንኩና የግብሩ ቁጥር ትክክል ስለሆነ አትንኩት።

30,000ው የየትኛው ዓመት ነው የሚለውም መታየት አለበት። የ2017 ሒሳብ ገና ኦዲተር ጋ ካለና ለውጭ እንዲወጣ ካልጸደቀ፣ ቦነሱ ደግሞ በውል ወይም በየዓመቱ በሚከፈል ልማድ ሰኔ 30 ላይ ግዴታችሁ ከነበረ፣ ልዩነቱ ወደ 2017 ይመለሳል። አይኤኤስ 10 ይህንኑ ጉዳይ በምሳሌነት ይጠቅሰዋል። ያኔ የ2017 አክሩዋል ወደ 430,000 ያድጋል፣ የማስተካከያ ጆርናሉም በዚያው ልክ 430,000 ይሆንና 2018 ላይ ምንም የቦነስ ወጪ አይቀርም። ሒሳቡ ጸድቆ ወጥቶ ከሆነ ግን 30,000ው የግምት ለውጥ ነው፣ የ2018 ወጪ ሆኖ ይቀጥላል።

አንዳንድ ቤት ሐምሌ 1 ላይ ሲስተሙ አክሩዋሉን ራሱ እንዲገለብጠው ያደርጋሉ። ያኔ የቦነስ ወጪ አዲሱን ዓመት በኔጌቲቭ 400,000 ይጀምራል፣ ነሐሴ ላይ 430,000 ሲገባበት 30,000 ይቀራል። ሒሳቡ ይገጥማል። እኔ ግን ለቦነስ ይህን መንገድ አልወደውም። የሐምሌ ሪፖርት ላይ ወጪው ኔጌቲቭ ይሆናል፣ ለሠራተኛ ያልተከፈለ 400,000 ብር እያለ ደግሞ ዕዳው ዜሮ ይላል። ሥራ አስኪያጁ ያንን ወረቀት ይዞ ውሳኔ ሊወስን ይችላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሐምሌ ላይ ሲስተሙ ገልብጦት፣ ነሐሴ ላይ ከፋዩ ይህን ሳያውቅ ድጋሚ ዕዳውን ዴቢት ሲያደርግ ነው። የዕዳ አካውንቱ ወደ ዴቢት ባላንስ ይዞራል፣ የዓመቱም ወጪ በ400,000 ያንሳል። ስለዚህ አንዱን መንገድ መርጣችሁ በጽሑፍ አስቀምጡት፣ አክሩ የሚያደርገውም የሚከፍለውም ሰው ይወቀው።

ችግር እንዳለ በቀላሉ ይለያል። ቦነስ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ተከፋይ ቦነስ ዜሮ መሆን አለበት። የተወሰነ ብር ከቀረ፣ የማን ነው ብላችሁ በስም ጠይቁ። ቦነሱ ሳይከፈል ሥራ የለቀቀና በመመሪያችሁ መሠረት የማያገኝ ሰው ድርሻ ከሆነ ያ ብር ይገለበጣል። ሲገለበጥ ግን ወደዚያው የቦነስ ወጪ እንጂ ወደ ሌላ ገቢ አይሂድ። ድርጅቱ ያገኘው ገቢ የለም፣ ግምቱ ነው የበዛው። ዝም ብላችሁ ካለፋችሁት ደግሞ በሚቀጥለው ሰኔ አዲሱ አክሩዋል በላዩ ይደረብና ዕዳው የማን እንደሆነ የሚያውቅ ይጠፋል።

አሁን ወደ ዕረፍቱ። ይሄኛው ሰዉን የሚያሳስተው አብዛኛውን ጊዜ በጥሬ ብር ስለማይከፈል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ሠራተኛው ሥራ ላይ እያለ ዕረፍቱን በገንዘብ መለወጥ ይከለክላል፣ ሥራው ሲቋረጥ ግን ያልወሰደው ቀን ይከፈለዋል። ስለዚህ ሠራተኛው ጥር ላይ 10 ቀን ዕረፍት ቢወጣ ፔይሮሉ ላይ ምንም የተለየ ነገር አይታይም። የወሩ ደመወዝ እንደወትሮው ወጪ ይሆናል፣ ዕዳውን ግን ማንም አልነካውም። ለእያንዳንዱ ዕረፍት ጆርናል መሥራት ይቻላል፣ ለአነስተኛ ድርጅት ግን ልፋት ብቻ ነው። የሚሻለው ዓመቱን ሙሉ ትቶት ሰኔ 30 ላይ እንደገና መቁጠርና ልዩነቱን ብቻ መመዝገብ ነው። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት የምታቀርቡ ከሆነ በየሩብ ዓመቱ አድርጉት።

በዓመቱ መሀል ዕዳውን የሚነካው ሰው ሲለቅ ነው። ደመወዙ 13,000 ብር የነበረ ሠራተኛ እንውሰድ። እናንተ ወሩን በ26 የሥራ ቀን ካካፈላችሁ ቀኑ 500 ብር ነው። ሰኔ 30 ላይ 12 ያልተወሰደ ቀን ነበረው፣ ዕዳው ውስጥ ያለው ድርሻ 6,000 ብር ማለት ነው። ሐምሌ 1 ደመወዙ 15,600 ሆነ፣ ቀኑም 600። ታኅሣሥ 30 ለቀቀ። በዓመት 16 ቀን የሚያገኝ ከሆነ በስድስት ወር 8 ቀን ጨምሯል። ባጠቃላይ 20 ቀን በ600፣ 12,000 ብር ይከፈለዋል፣ ግብሩም ይቀነስበታል። አመዘጋገቡ፦ ተከፋይ ዕረፍት ዴቢት 6,000፣ የዕረፍት ወጪ ዴቢት 6,000። እዚህ ጋ ሙሉውን 12,000 ዕዳው ላይ የሚጥሉ አሉ። ያኔ የሌላው ሠራተኛ ድርሻ ተነካ ማለት ነው፣ ምክንያቱም አዲሶቹ 8 ቀናትና በአሮጌዎቹ 12 ቀናት ላይ የመጣው የ100 ብር ጭማሪ ሰኔ 30 ላይ አልተያዙም።

ከዚህ በኋላ ሌጀሩ ላይ 174,000 ይቀራል። ሌላ የለቀቀ ከሌለና በ2018 ሰኔ 30 የሁሉም ያልተወሰደ ቀን በጊዜው ደመወዝ ተሰልቶ 205,000 ከመጣ፣ የምትመዘግቡት 31,000 ብቻ ነው። 205,000ውን እንዳለ የሚጨምሩ ብዙ ድርጅቶች አይቻለሁ። ዕዳው 379,000 ይሆንና ኦዲተሩ የስም ዝርዝሩን ሲደምር አይገጥምለትም።

ይህን ለመሥራት አንድ ሰንጠረዥ በቂ ነው፦ ስም፣ ካለፈው ዓመት የዞረ ቀን፣ ዘንድሮ ያገኘው፣ የወሰደው፣ የቀረው፣ የቀን ደመወዝ፣ ብር። ቀኑን ኤች አር ይፈርምበት። የዕረፍት ፎርም ሞልቶ የወጣ ሰው ኤች አር ካርዱ ላይ ካልተቀነሰለት ዕዳው ያለአግባብ ያብጣል። ስለዚህ አምስት ስድስት ሠራተኛ መርጣችሁ ፎርማቸውን ከካርዱ ጋር አስተያዩ። በተለይ ከሁለት ዓመት በላይ የተንከባለለ ቀን ያላቸውን አስቀድሙ። አዋጁ ዕረፍት ከሁለት ዓመት በላይ እንዳይተላለፍ ስለሚል፣ እንዲህ ያለ ቀን ከታየ ወይ ሰውየው ወጥቷል አልተመዘገበም፣ ወይ ድርጅቱ ዕረፍቱን ከልክሎታል። ሁለተኛው ከሆነ በራሳችሁ ውሳኔ ከዕዳው አትሰርዙት፣ ለሕግ ክፍሉ ወይም ለጠበቃችሁ አሳዩት።