ወደ ጥራዙ የጎበጠ ሰንጠረዥ፦ ቁጥሩን ወደ ረድፉ ስለ መመለስ

ጥያቄ፦ «ከቆየ መጽሐፍ በስልክ ያነሳሁት ሰንጠረዥ አለ። ወደ ጥራዙ ሲጠጋ መስመሮቹ ይጎብጣሉ፣ ወደ ኤክሴል ሳስገባው ቁጥሮቹ ከረድፋቸው ይወጣሉ። መጽሐፉ አሁን እጄ ላይ የለም። ምን ባደርግ ይሻላል?»

መልስ፦ እኔ እዚህ ሐዋሳ የቆዩ የዝናብ መዝገቦችን ከመጽሐፍ ወደ ኤክሴል ስለማስገባ ይህ ችግር በየጊዜው ያጋጥመኛል። ፎቶውን ለማቃናት ከመድከም ይልቅ የእያንዳንዱን ቁጥር ረድፍ በስሌት ማግኘት የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በስልክ ላይ ያሉት አራቱን ማዕዘን እየጎተቱ የሚያቃኑ መተግበሪያዎች የሚጠቅሙት ገጹ ጠፍጣፋ ሆኖ ካሜራው ብቻ ሲያጋድል ነው። ያንን መጀመሪያ ያድርጉ፤ የገጹ ጉብጠት ግን በዚህ አይጠፋም።

ጉብጠቱ የሚመጣው ወረቀቱ ወደ ጥራዙ ሲገባ ከካሜራው ስለሚርቅ ነው። የራቀው ክፍል አንሶ ይታያል፤ ስለዚህ የሰንጠረዡ የላይኛው መስመር በጥራዙ በኩል ወደ ታች፣ የታችኛው ደግሞ ወደ ላይ ይታጠፋል። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚታጠፉ ዓምዱን እንዳለ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ አያስተካክለውም።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። በግራ ገጽ ላይ ያለ፣ 20 ዓመታትን በረድፍ፣ 12 ወራትን በዓምድ የያዘ፣ የዓመቱ ድምር ደግሞ ከጥራዙ አጠገብ የተቀመጠበት ሰንጠረዥ ነው እንበል። በግራው ጠርዝ የላይኛው መስመር ከፎቶው አናት 400 ፒክስል፣ የታችኛው 1400 ፒክስል ላይ ነው፤ አንዱ ረድፍ 50 ፒክስል ይይዛል። በድምሩ ዓምድ ላይ ግን የላይኛው 464፣ የታችኛው 1384 ሆኗል፤ እዚያ አንዱ ረድፍ 46 ፒክስል ብቻ ነው። የድምሩን ዓምድ በግራው ጠርዝ ልኬት ከከፋፈሉት ከ1ኛ እስከ 10ኛ ረድፍ ያሉት ቁጥሮች በሙሉ አንድ ረድፍ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ከ11ኛው ጀምሮ ያሉት ግን በቦታቸው ይገኛሉ። ውጤቱ የመጀመሪያው ሕዋስ ባዶ መሆኑ፣ 11ኛው ደግሞ ሁለት ቁጥር መያዙ ነው። ይህን ምልክት ሲያዩ ተደራቢውን ቁጥር እንደ ትርፍ ቆጥረው እንዳይሰርዙት አደራ እላለሁ፤ የ10ኛው ረድፍ ትክክለኛ ቁጥር እሱ ነው።

መፍትሔው እያንዳንዱን ዓምድ በራሱ የላይኛና የታችኛ መስመር መለካት ነው። ፎቶውን የጠቋሚውን ቦታ በሚያሳይ የሥዕል ማረሚያ ከፍተው ጠቋሚውን በየዓምዱ መሐል በሁለቱ መስመሮች ላይ ሲያሳርፉ ከፍታውን በፒክስል ያሳይዎታል። ከዚያ ዓምዱን የፎቶውን ሙሉ ቁመት እንደያዘ ቆርጠው amd13.png በሚል ስም ያስቀምጡትና ከምስል ላይ ጽሑፍ በሚያነበው tesseract በተባለው ፕሮግራም ያስነብቡት፦

```
tesseract amd13.png amd13 -l eng --psm 6 tsv
```

በሚወጣው ፋይል ውስጥ top እና height የሚባሉት ዓምዶች የእያንዳንዱን ቁጥር ቦታ ይሰጣሉ። የ height ግማሽ ከ top ጋር ሲደመር የቁጥሩ መሐል ይሆናል። ይህ A2 ላይ፣ የዚያ ዓምድ የላይኛው መስመር B2 ላይ፣ የታችኛው C2 ላይ ካሉ፣ የረድፉ ተራ ቁጥር የሚገኘው እንዲህ ነው፦

```
=INT(20*(A2-B2)/(C2-B2))+1
```

በምሳሌያችን መሐሉ 763 ላይ ያለው ድምር 7ኛ ረድፍ ላይ ያርፋል፤ በግራው ጠርዝ ልኬት ቢሆን ኖሮ 8ኛ ይባል ነበር። ቀመሩ የሚሠራው ረድፎቹ እኩል ቁመት ሲኖራቸው ነው። በየአምስት ዓመቱ ክፍተት የሚተው መጽሐፍ ከሆነ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ይለኩ።

ከጥራዙ አጠገብ ያሉት አኃዞች ወደ ጎን ስለሚጨመቁ 3 እና 8 ይምታታሉ። የተቆረጠውን ዓምድ ከማስነበብዎ በፊት የአኃዞቹ ስፋት ከሩቁ ዓምድ ጋር እስኪመሳሰል ወደ ጎን ብቻ ይለጥጡት። ቁመቱን ስለማይነኩ የለኩት ከፍታ አይለወጥም።

ማረጋገጫውን በተመለከተ፣ የዓምድ ድምር እዚህ ላይ አይረዳዎትም፤ ቁጥሮች በዚያው ዓምድ ውስጥ ረድፍ ቢለዋወጡም ድምሩ ያው ነው። ስሕተቱን የሚያጋልጠው የረድፍ ድምር ነው፤ የ12ቱን ወራት ደምረው መጽሐፉ ካተመው የዓመት ድምር ጋር ያነጻጽሩ። ተከታታይ ረድፎች አብረው ካልገጠሙ የረድፍ መንሸራተት ነው፤ አንድ ረድፍ ብቻውን ከሳተ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ አኃዝ በስሕተት ተነቧል።

በጥራዙ ጥላ ጨርሶ የጠፋ የወር ቁጥር ካለ፣ በዚያ ረድፍ የጠፋው እሱ ብቻ ከሆነ ከዓመቱ ድምር ላይ ሌሎቹን ቀንሰው ማግኘት ይችላሉ። ሆኖም ያ ረድፍ ከዚያ በኋላ በድምር ሊረጋገጥ ስለማይችል፣ ሕዋሱን በቀለም ለይተው «ከድምር የተሰላ» ብለው ይጻፉበት። ከአንድ በላይ ከጠፋ ባዶውን ይተዉት።