«ተከፍቷል» እና ሰማያዊው ራይት የሚያረጋግጡት ምንድን ነው?

«ለአንድ ኃላፊ ማመልከቻ በኢሜይል ላክሁ፤ መከታተያው በ1 ደቂቃ ውስጥ ‹ተከፍቷል› አለኝ። በዋትሳፕ የላክሁለትም ሰማያዊ ሆኗል። አንብቦ ዝም አለኝ ማለት ነው?»

በዚህ ብቻ እንዲህ ማለት አትችልም። የኢሜይል መከታተያ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በዓይን የማትታይ ትንሽ ምስል መልእክቱ ውስጥ በመክተት ነው። ምስሏ ከሰርቨር ስትወርድ «ተከፈተ» ተብሎ ይመዘገባል፣ ያወረዳት ሰው ይሁን ማሽን ግን አይለይም። አፕል ሜይል ከ2021 ጀምሮ፣ የግላዊነት ጥበቃውን ላበራ ተጠቃሚ፣ ምስሎችን ከበስተጀርባ ራሱ ያወርዳል፤ ሰውየው ኢሜይሉን ባይነካውም። አንዳንድ የመሥሪያ ቤት የደህንነት ማጣሪያዎችም መልእክቱን ሲፈትሹ እንዲሁ ያደርጋሉ። ስለዚህ ያቺን 1 ደቂቃ እኔ ብሆን በጣም እጠራጠራታለሁ። በተቃራኒው ምስል እንዳይጫን የዘጋ ሰው ከላይ እስከ ታች አንብቦት ምንም ላይመዘገብ ይችላል።

ዋትሳፕ ትንሽ ይሻላል። ሁለት ግራጫ ራይት መልእክቱ ስልኩ ወይም የተገናኘ ኮምፒውተሩ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ሰማያዊ ሲሆን ቻቱ ተከፍቷል። ከዚያ ወዲያ ግን ምንም አይነግርህም፦ ረጅም ጽሑፍህን የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አይቶ ስብሰባ ቢገባም ሰማያዊ ነው፣ ልጁ ስልኩን ይዞ ቢከፍተውም ሰማያዊ ነው። ከማሳወቂያው ላይ አንብቦት ከሆነ ደግሞ ግራጫ ሆኖ ይቀራል።

ትኩረቱን የሚያሳይህ መልሱ ብቻ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ በአጭሩ ጻፍለት፣ አንድ ቁርጥ ያለ ጥያቄ አድርገው፦ «የትምህርት ማስረጃዬን ኦሪጅናሉን ላምጣ ወይስ ኮፒው ይበቃል?» «ተከፍቶ አይቻለሁ» ግን አትበለው፤ ሳያየው ቀርቶ ከሆነ በሐሰት ትከሰዋለህ።