አምስቴ ተሞክሮ እምቢ ያለ ሜሴጅ የት ይሂድ? ስለ ዴድ ሌተር ኪው ጥያቄና መልስ

ሥራዎች እንደ ሜሴጅ ሆነው ኪው ላይ ይሰለፋሉ፣ ወርከር የሚባለው ፕሮግራም እያነሳ ይሠራቸዋል፤ ደጋግሞ ተሞክሮ ያልተሳካው ሜሴጅ የሚዛወርበት ሌላ ኪው ነው ዴድ ሌተር ኪው የምንለው። ከሰዓቱን እዚሁ ስለሆንኩ የመጣላችሁን ጠይቁ። ውዬ የማድረው ከአማዞን የኪው አገልግሎት፣ ከኤስኪውኤስ ጋር ስለሆነ ምሳሌዎቼ ከዚያ ናቸው።

ጥ፦ እኛ ወርከሩ የወደቀን ሜሴጅ 50 ጊዜ እንዲሞክር አድርገነዋል። ብዙ ከተሞከረ የመሳካት ዕድሉ ይጨምራል ብዬ ነው። ተሳሳትኩ?

ግማሹ ልክ ነው። ሥራው የወደቀው ኔትወርክ ተቆርጦ ከሆነ ደግሞ መሞከር ያዋጣል። ሜሴጁ ራሱ የተበላሸ ከሆነ ግን 50ም 500ም ያው ነው። አንድ አሃዝ የጎደለው ስልክ ቁጥር ነገም አንድ አሃዝ እንደጎደለው ነው። እኔ አብዛኛውን ጊዜ 5 ላይ አቆማለሁ፦

```json
{
  "deadLetterTargetArn": "arn:aws:sqs:eu-west-1:123456789012:reminders-dlq",
  "maxReceiveCount": "5"
}
```

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። `maxReceiveCount` የሚቆጥረው ሜሴጁ ስንቴ እንደተነሳ እንጂ ስንቴ እንደወደቀ አይደለም። ወርከርህ ሜሴጁን ሲያነሳው ለ30 ሰከንድ ከሌሎች ይደበቃል፤ ካልነካኸው ልኩ ይሄ ነው። ሥራው 40 ሰከንድ ከፈጀ በ30ኛው ሰከንድ ተመልሶ ይታይና ሌላ ወርከር ያነሳዋል። ደንበኛው አንዱ ኤስኤምኤስ ሁለቴ ይደርሰዋል፣ ቆጣሪውም ይጨምራል። ሎጉ ላይ አንድም ኤረር የሌለው ሜሴጅ ዴድ ሌተር ኪው ውስጥ ካገኘህ መጀመሪያ ይሄንን ጠርጥር።

ጥ፦ እንደገና እኔው ነኝ። 5 ካደረግኩት የኤስኤምኤሱ ሰርቨር ለ10 ደቂቃ ቢጠፋስ? ሁሉም አይወድቅም?

ይወድቃል። 5 ጊዜ በ30 ሰከንድ ልዩነት ማለት ሁለት ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው። መፍትሔው ግን ቁጥሩን መጨመር አይደለም፣ ልዩነቱን ማስፋት ነው። ወርከሩ ሲከሽፍበት `ChangeMessageVisibility` ጠርቶ መጀመሪያ 1 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 5፣ ከዚያ 20 እያለ ሜሴጁን ያቆየው። ያው 5 ሙከራ ከአንድ ሰዓት በላይ ይዘልቅልሃል።

ጥ፦ እኔም ቸግሮኛል። ለአንድ መሥሪያ ቤት የላክሁት ኢሜይል አልደረሰም ብሎ ተመለሰብኝ። እንዴት ላስተካክለው?

እህቴ፣ የኛ ነገር ከዚህ ይለያል። ስሙ ነው ያሳሳተሽ፤ የመጣውም ከፖስታ ቤት ነው፣ ለተቀባዩም ለላኪውም ማድረስ ካልተቻለ ደብዳቤ። ያንቺ ኢሜይል ቢያንስ ላኪው ጋ ተመልሷል። ከተመለሰልሽ መልእክት ውስጥ ምክንያቱን አንብቢ፤ አብዛኛውን ጊዜ አድራሻው ላይ የፊደል ስህተት ነው።

ጥ፦ ዴድ ሌተር ኪው ውስጥ 41 ሜሴጅ አለኝ። ከየት ልጀምር?

በሚገርም ሁኔታ እኔም በ41 ተጠምጄ ነበር። ለአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም የክፍያ ማስታወሻ ኤስኤምኤስ የሚልክ ሲስተም ነበረን። አንድ ጠዋት ገባሁና 41 አገኘሁ። አንድ በአንድ አልከፈትኳቸውም፣ መጀመሪያ በኤረራቸው አይነት ለየኋቸው። ሁለት ክምር ብቻ ሆኑ፦

```
33  month must be in 1..12
 8  day is out of range for month
```

ከመጀመሪያው ክምር አንዱን ስከፍት የክፍያ ቀኑ `2017-13-03` ይላል። 13ኛ ወር! ጳጉሜን 3 ነው። አንዱ ቅርንጫፍ ፋይሉን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ልኮታል፣ ወርከራችን ደግሞ ቀኑን እንደ ፈረንጅ ነው የሚያነበው። ሁለተኛው ክምር `2017-02-29` እና `2017-02-30` ነበር፤ ጥቅምት 29 እና 30 መሆናቸው ነው። ፌብሩዋሪ ደግሞ በ2017 28 ላይ ያልቃል።

እዚህ ላይ «41ዱን አስተካክዬ ልመልስ» ብዬ ተነስቼ ነበር። ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ነው የነቃሁት። ከዚያው ፋይል የመጡት ሌሎቹስ? መስከረም 15፣ `2017-01-15`፣ በፈረንጅም ትክክለኛ ቀን ነው። ወርከሩ ያለምንም ኤረር አንብቦታል፣ ከዚያ «ጃንዩወሪ 2017 ድሮ አልፏል» ብሎ ማስታወሻውን ሳይልክ ሜሴጁን አጥፍቶታል። የወደቁት 41 ዕድለኞቹ ነበሩ። ድምፅ ሳያሰሙ የጠፉት ከእነሱ በብዙ ይበልጣሉ፣ ዴድ ሌተር ኪው ውስጥም የሉም። እነሱን ከዳታቤዙ እንደ አዲስ መፍጠር ነበረብን።

ስለዚህ ክምሩን ለይና «ይሄ ስህተት ያላቸው ሆነው ያልወደቁ ይኖሩ ይሆን?» ብለህ ጠይቅ። መልሱን የምታገኘው ከኪው ሳይሆን ሜሴጁን ከፈጠረው ፋይል ነው።

ጥ፦ ከዚያ በኋላስ? ኮንሶሉ ላይ ያለውን መመለሻ ተጭኖ መገላገል አይቻልም?

`Start DLQ redrive` የሚለውን ማለትህ ነው። ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ኮዱን አስተካክል። ካልሆነ 5 ጊዜ ተሽከርክረው እዚያው ይመለሳሉ። እኛ መጀመሪያ ቀኑን የሚቀይር ኮድ አስገባን፣ ከየክምሩ አንድ አንድ ሜሴጅ በእጅ ላክን፣ ሁለቱ ሲያልፉ ነው የቀረውን የለቀቅነው። ከመልቀቅህ በፊት ሥራው ግማሽ መንገድ ሄዶ እንደሆነም እይ። ብር ተቆርጦ ደረሰኙ ላይ የወደቀ ከሆነ ዝም ብሎ መመለስ ሁለቴ መቁረጥ ነው። ወርከሩ «ይሄ የክፍያ ቁጥር ተሠርቷል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ካልሆነ እኔ አልነካውም።

ጥ፦ እኛ አርብ የወደቀ ሜሴጅ ሰኞ ስንገባ ጠፍቶ አገኘን። ማን አጠፋው?

ማንም አላጠፋውም፣ ጊዜው አልቆ ነው። ኤስኪውኤስ ሜሴጅ የሚያቆየው ካልቀየሩት 4 ቀን ነው። ስታንዳርድ በሚባለው ኪው ላይ ደግሞ ወደ ዴድ ሌተር ኪው ሲዛወር ዕድሜው ከዜሮ አይጀምርም፣ መጀመሪያ ከተላከበት ሰዓት ነው የሚቆጠረው። መጀመሪያው ኪው ውስጥ 2 ቀን ሲንከባለል ከቆየ የቀረው 2 ቀን ብቻ ነው። የዴድ ሌተር ኪውን ቆይታ ወደ 14 ቀን አድርጉት፣ ጣሪያው እሱ ነው። ማንቂያም አድርጉበት፦ `ApproximateNumberOfMessagesVisible` ከ0 ሲበልጥ ስልክ ይጩህ። `NumberOfMessagesSent` ላይ እንዳታደርጉት፣ በራሱ የተዛወረን ሜሴጅ አይቆጥርም።

ጥ፦ ሁሉንም ማጥፋት ነውር ነው?

እንደ ሜሴጁ ነው። ትናንት የወደቀ የመግቢያ ኮድ ዛሬ ቢላክ ደንበኛውን ያስደነግጠዋል እንጂ አይጠቅመውም፤ አጥፊው። የክፍያ ከሆነ ግን ፋይል ላይ ሳታስቀምጪ እንዳትነኪው።

ጥ፦ የኛ ኪው ቅደም ተከተል የሚጠብቀው ነው፣ ፊፎ። ሒሳብ ላይ ገቢና ወጪ በተራ ነው የሚሠራው። አንዱ ወድቆ ሲዛወር የኋላው ይቀጥላል። ልክ ነው?

ይሄን ከባልደረባዬ ጋር እስካሁን አልተስማማንበትም። ወድቆ እስኪዛወር ድረስ ያው ግሩፕ፣ ማለትም በአንድ ተራ የተሰለፉት የዚያ ደንበኛ ሜሴጆች፣ ይቆማል፤ ከተዛወረ በኋላ የኋላው ያልፋል። የ500 ብር ገቢው ወድቆ የ300 ብር ወጪው «በቂ ሒሳብ የለም» ሊባል ይችላል። እሱ የሚለው የዚያ ደንበኛ ሒሳብ ተቆልፎ ሰው እስኪያየው ይቁም ነው። እኔ ደግሞ አንድ የተበላሸ ሜሴጅ ደንበኛውን ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ብሩን እንዳያወጣ ሊያደርገው ነው እላለሁ። እናንተ ጋ ቅዳሜ የሚነሳ ስልክ ካለ የእሱ ሐሳብ ይሻላል።