ኦፍሳይድ ቦታ መቆም ብቻውን ጥፋት አይደለም

«እሁድ ጅማ እኛ ሰፈር ሜዳ ላይ አንዱ አጥቂያቸው ከተከላካዮቻችን አልፎ ቆሞ ነበር። ሌላው ከሩቅ መትቶ አገባ፣ ዳኛውም ጎሉን አጸደቀ። ኦፍሳይድ አይደለም እንዴ?»

ወንድሜ፣ ወሳኙ ነገር ልጁ የት ጋ እንደቆመና ምን እንዳደረገ ነው። ኳሷ ስትመታ ከኳሷም፣ ከኋላ ሁለተኛ ከሆነው ተጋጣሚ ተጫዋችም (አብዛኛውን ጊዜ ከበረኛው ፊት ያለው የመጨረሻ ተከላካይ ነው) ይበልጥ ለጎሉ መስመር ከቀረበ ቦታው ኦፍሳይድ ነው። እኩል ከሆነ ግን ነፃ ነው። እጅ አይቆጠርም፤ ጭንቅላት፣ ደረት ወይም እግር ካለፈ ግን ይቆጠራል።

ዳኛው የሚያፏጨው ልጁ ጨዋታው ውስጥ ሲገባ ነው። በክንፍ በኩል ቆሞ ኳሷን ሳይነካ፣ ማንንም ሳያውክ ከቀረ ጎሉ ይጸድቃል። በረኛችሁ ፊት ቆሞ እይታውን ከጋረደ ግን ኳሷን ባይነካም ጥፋት ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ በረኛውን የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ኳሷ ስትመታ አይተሃታል?

ደግሞ ተጠንቀቁ፦ ኳሷ ቋሚውን ወይም በረኛውን ነክታ ተመልሳ ያው ልጅ ቢያገባት ኦፍሳይድ ነው፤ የሚታየው መጀመሪያ ስትመታ የነበረበት ቦታ ነውና።