ጥያቄና መልስ፦ የመኪና ገዢና የሳሙና ገዢ በፈተና ወረቀት ላይ

የማታ ተማሪ፦ ጋሼ፣ የግዢ ውሳኔ ደረጃዎች በዝቅተኛና በከፍተኛ ተሳትፎ ግዢ እንዴት ይለያያሉ ተብለን አምስቱን ደረጃዎች፣ ማለትም ፍላጎት፣ መረጃ ፍለጋ፣ ግምገማ፣ ግዢና ከግዢ በኋላ ያለውን፣ ለሁለቱም ዘርዝሬ ጻፍኩ። ከ10 4 ሰጡኝ። ምን ጎደለው?

መልስ፦ አንዱን ዝርዝር ሁለት ጊዜ ነው የጻፍከው። አራሚው የሚፈልገው የትኛው ደረጃ እንደሚረዝም፣ የትኛው እንደሚያጥርና የትኛው ቦታ እንደሚቀይር ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦

«ከፍተኛ ተሳትፎ ገዢው ብዙ የሚያስብበትና የሚለፋበት ግዢ ነው፤ ዝቅተኛው ብዙም የማያስብበት። ያገለገለ ቪትዝ የሚገዛ ሰው ተሳትፎው ከፍተኛ ነው፤ ፍላጎቱን ለወራት ያብላላል። ዘመድ ይጠይቃል፣ ደላላ ያነጋግራል። መካኒክ ይዞ ሄዶ ሞተሩን ያስፈትሻል። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር መግጠሙን ያያል፣ ዕዳና እገዳ ያጣራል። ከዚያ ሁለት ሦስቱን አመዛዝኖ አንዱን ይወዳል። ግዢው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሳሙና ያለቀበት ሰው ግን ተሳትፎው ዝቅተኛ ነው፤ ሱቅ ገብቶ ዓይኑ የለመደውን ያነሳል። መረጃውን ፈልጎ አላገኘውም፤ ከማስታወቂያ ሳያስበው ጆሮው ላይ የቀረ ነው። ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለው ካጠበበት በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ግምገማው ከግዢው በፊት ሳይሆን በኋላ ሆነ።»

ማርኩ ያለው የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ከግዢ በኋላ ያለውንም አትርሳ። ባለመኪናው ከገዛ በኋላም «ተበላሁ እንዴ?» እያለ የሌሎችን ዋጋ ይጠይቃል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፌስቲንገር በ1957 እ.ኤ.አ. የጻፈው የሐሳብ ግጭት ይሄ ነው። ባለሳሙናው እንዲህ አይጨነቅም፤ ካልወደደው በሚቀጥለው ሌላ ይወስዳል።

ሰላም፦ በአጭሩ ውድ ከሆነ ከፍተኛ፣ ርካሽ ከሆነ ዝቅተኛ ነው አይደል?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አዎ፣ ግን መለኪያው ዋጋ ብቻ አይደለም። ብሳሳት ምን እጎዳለሁ የሚለው ነው። የልጇ ቆዳ የሚያሳክክባት እናት ያንኑ ሳሙና ስትገዛ የጀርባውን ጽሑፍ ታነባለች፣ ፋርማሲ ትጠይቃለች። ዕቃው አንድ ነው፤ ገዢዋ ተለየች።

ባለሱቅ፦ እኔ ተማሪ አይደለሁም። ደንበኞቼ ሁሌ አንድ ዓይነት ኦሞ ነው የሚወስዱት። ርካሽ ሌላ ባመጣ ይገዙኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ልማድ ይሁን ፍቅር ለይ። የለመዱት ሲያልቅብህ ተመልከት። «እሺ ያንን ስጠኝ» ካሉ ልማድ ነው፤ አዲሱን ከፊት ደርድረው። ሌላ ሱቅ ከሄዱ ግን ርካሽነቱ ብቻውን አይመልሳቸውም።

ሦስተኛ ዓመት፦ የእኛ መምህር ግን በዝቅተኛ ተሳትፎ ግምገማ ጭራሽ የለም ብለውናል።

መልስ፦ እንደዚያ የሚያስተምሩም አሉ። ሰው ተጠቅሞ ሳያስበው ቢደግመው ግምገማ እንበለው አንበለው፣ ያከራክራል። እኔ ከግዢ በኋላ ይመጣል ባይ ነኝ። አንቺ ግን የመምህርሽን አቋም ጽፈሽ ምክንያቱን ጨምሪበት።